ተሽሎኛል፣ ልተወው?

(ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ)

እንደምን አመሻችሁ። እኔ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። ብዙ ዓመት መስኮት ኋላ ቆሜ መድኃኒት ሰጥቻለሁ። አንቲባዮቲክ በሰጠሁ ቁጥር አንድ ነገር እንደ ውዳሴ ማርያም ስደግም ኖሬያለሁ። «ቢሻላችሁም ጨርሱት። ካልጨረሳችሁት ጀርሙ መድኃኒቱን ይለምደዋል።»

ይሄ አባባል ግማሹ እውነት ነው። ዛሬ የመጣሁት ሌላውን ግማሽ ላስተካክል ነው። ደግሞ ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ ከዚህ አዳራሽ «ማቆም ይቻላል ተባልን» ብሎ የሚወጣ ሰው ካለ ግማሹን ብቻ ሰምቷል ማለት ነው።

ነገሩን ከአንድ ፖሊስ ልጀምር። አልበርት አሌክሳንደር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1941 ኦክስፎርድ ውስጥ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ኢንፌክሽኑ ፊቱን በልቶታል፣ አንድ ዓይኑን አጥቷል፣ ሳንባው ድረስ ገብቷል። የካቲት 12 ቀን፣ በእነሱ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ፔኒሲሊን ተወጋ። በዚያን ጊዜ ፔኒሲሊን በላቦራቶሪ ዕቃ በጥቂት በጥቂቱ የሚመረት ብርቅ ነገር ነው። ሰውዬው በአንድ ቀን ውስጥ መሻል ጀመረ። ትኩሳቱ ወረደ፣ ምግብ መብላት ጀመረ።

ከዚያ መድኃኒቱ አለቀ። ሐኪሞቹ ሽንቱን እየሰበሰቡ በሽንት የወጣውን ፔኒሲሊን መልሰው እያጣሩ ወጉት። እሱም አልበቃም። ወደ አምስት ቀን ገደማ ሲሆን ጨርሶ ተሟጠጠ። በሽታው አገረሸበትና መጋቢት 15 ቀን ሞተ።

እንግዲህ አንቲባዮቲክን ሳይጨርስ ያቋረጠ ሰው ታሪክ ቢኖር የመጀመሪያው ይሄ ነው። ግን ልብ በሉ። አሌክሳንደርን የገደለው ጀርሙ ፔኒሲሊንን ስለተላመደ አይደለም። ጀርሙ ገና ስላላለቀ ነው። መድኃኒቱ ቢኖር ኖሮ ያው ፔኒሲሊን እንደገና ይሠራለት ነበር።

ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ፍርሃቶች አሉን ማለት ነው። አንደኛው ማገርሸት ነው፤ በሽታው ሳያልቅ ትተነው ተመልሶ ይመጣል። ሁለተኛው መላመድ ነው፤ ጀርሙ መድኃኒቱን የሚቋቋም ሆኖ ይወጣል። እኔ መስኮቱ ላይ ስናገር ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልዬ ነበር የምሰጠው። ለአንዳንድ በሽታ ሁለቱም ልክ ናቸው። ለአንዳንዱ አንዱ ብቻ ነው። ለአንዳንዱ ደግሞ፣ ከተወሰነ ቀን በኋላ፣ አንዳቸውም ልክ አይደሉም። እንዲያውም መላመድን የሚያመጣው መቀጠሉ ነው።

የማስፈራሪያው ሥር ከወዴት ነው? ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ንግግር አድርጎ ነበር። እዚያ ላይ አንድ የልብ ወለድ ሰው ያመጣል። ሰውዬው ጉሮሮውን ያመዋል፣ ፔኒሲሊን ገዝቶ በገዛ እጁ ይወስዳል። የወሰደው ጀርሙን ለመግደል የማይበቃ፣ ግን እንዲለምደው ለማስተማር የሚበቃ መጠን ነው። ከዚያ ሚስቱን ያስይዛታል፣ እሷም ትሞታለች። አያችሁ፣ ፍሌሚንግ የፈራው መጠን ማሳነስን ነው። ቀን ማሳጠርን አይደለም። ሁለቱ ከጊዜ በኋላ በሰው አፍ ተቀላቀሉ። መጠን ማሳነስና ቀን ማሳጠር እኮ አንድ አይደሉም። ወደዚህ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ «ጨርሱ» የሚለው ቃል ሙሉ በሙሉ ልክ የሆነበትን በሽታ እንይ። ቲቢን።

አንድ የሳንባ ቲቢ ታማሚ አስቡ። ሳንባው ውስጥ ጉድጓድ ተፈጥሯል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ መቶ ሚሊዮን፣ ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ውስጥ ማንም መድኃኒት ሳይነካቸው በፊት፣ በአጋጣሚ የተለወጡ አሉ። አይሶናያዚድ የተባለውን መድኃኒት የሚቋቋመው ከሚሊዮን ወደ አንዱ ነው። ሪፋምፒሲንን የሚቋቋመው ከመቶ ሚሊዮን ወደ አንዱ ነው። ስለዚህ ታማሚው አይሶናያዚድ ብቻ ቢወስድ ብዙኃኑ ያልቃሉ፤ ግን መቶ ያህሉ ምንም አይሆኑም። እነዚያ መቶዎቹ ይራባሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጉድጓዱ እንደገና ይሞላል፣ አሁን ግን በሙሉ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው።

ይሄ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስሌት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 የታተመ የእንግሊዞች ጥናት ስትሬፕቶማይሲን የተባለውን የቲቢ መድኃኒት ብቻውን ሞክሮ ነበር። በስድስት ወር ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱት 55 ሰዎች 4ቱ ሞቱ። ካልወሰዱት 52ቱ ውስጥ 14ቱ ሞቱ። ተአምር ነው ተባለ። አምስት ዓመት ቆይተው ሲቆጥሩ ግን ከወሰዱት 32ቱ፣ ካልወሰዱት 35ቱ ሞተዋል። ጀርሙ ተላምዶት ነበር። አራት መድኃኒት በአንድ ላይ የምንሰጠው ከዚህ ትምህርት ተነስተን ነው። አንዱን የሚያመልጥ ባክቴሪያ ሌላው ይይዘዋል። ሁለቱንም በአንዴ የሚያመልጥ ባክቴሪያ የማግኘት ዕድል ከምንም አይቆጠርም።

እንግዲህ አራት መድኃኒት ካለን ለምን ስድስት ወር? አብዛኛው ባክቴሪያ እኮ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይሞታል። ታማሚው በሁለት በሦስት ሳምንት ሳሉ ይቀንሳል፣ ላቡ ይቆማል፣ ክብደት መጨመር ይጀምራል። በሁለተኛው ወር መጨረሻ አክታው ሲመረመር ብዙ ጊዜ ባክቴሪያ አይታይበትም። «ድኛለሁ» ቢል ማን ይፈርድበታል?

ችግሩ የተኙት ናቸው። ከባክቴሪያዎቹ ጥቂቶቹ መራባታቸውን ያቆሙና ድምፃቸውን አጥፍተው ይቀመጣሉ። ብዙዎቹ አንቲባዮቲኮች የሚገድሉት የሚራባውን፣ ግድግዳ የሚሠራውን፣ የሚንቀሳቀሰውን ነው። የተኛውን ጀርም ለመግደል በየጊዜው ትንሽ ሲባንን መጠበቅ ያስፈልጋል። ሪፋምፒሲን ለዚህ ጎበዝ ነው፤ ለአጭር ጊዜ የሚባንነውን ሳይቀር ይይዛል። ግን ወር ይፈልጋል። የተለመደው ሕክምና መጀመሪያ ሁለት ወር በአራት መድኃኒት፣ ቀጥሎ አራት ወር በሁለት መድኃኒት ነው። የኋለኞቹ አራት ወራት ለተኙት ብቻ ናቸው ብንል አንሳሳትም።

በሁለተኛው ወር ያቋረጠ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያጋጥመው ማገርሸት ነው። መላመድ የሚመጣው ማቋረጥና መጀመር ሲደጋገም ነው። ለሦስት ሳምንት ትቶ፣ ለሁለት ሳምንት ወስዶ፣ እንደገና ትቶ። ወይም ደግሞ ከመድኃኒቶቹ አንዷን ብቻ «እሷ ናት የምታቅለሸልሸኝ» ብሎ ሲያስወጣት። ያን ጊዜ ሳያውቀው ወደ 1948ቱ ጥናት ተመልሷል። የቲቢ መድኃኒቶች በአንድ ኪኒን ተቀላቅለው የሚሰጡበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። መርጦ ማስወጣት አይቻልም።

ይሄ ሕክምና ሊያጥር አይችልም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ሪፋፔንቲንና ሞክሲፍሎክሳሲን የተካተቱበት የአራት ወር ሕክምና ከስድስት ወሩ እንደማያንስ አሳይቷል። ቀላል ቲቢ ያለባቸው ልጆችም በአራት ወር እንደሚድኑ ታይቷል። ግን ይሄ ሐኪምና ጥናት ያሳጠሩት ነው እንጂ ታማሚው ስለተሻለው ያቋረጠው አይደለም።

አሁን ከቲቢ ወጥተን ወደ ብዙዎቻችን በሽታ እንምጣ። ወደ ሳንባ ምች።

አንዲት መምህርት ናት። ዕድሜዋ 46። ሌላ በሽታ የለባትም። ትኩሳቷ 39.2፣ ትንፋሿ በደቂቃ 24፣ ሳል፣ ጎኗን ይወጋታል። ሐኪሟ በስቴቶስኮፕ አዳምጦ፣ ራጅ አስነስቶ የሳንባ ምች ነው አለ። አሞክሳሲሊን 500 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ አዘዘላት። እኔ 21 ፍሬ ያለው ካርቶን ሰጠኋት፣ «ጨርሺው» አልኳት። ውዳሴዬን ደገምኩ ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ደወለች። «ወንድሜ፣ ድኛለሁ እኮ። ትኩሳቱ ሄዷል፣ በልቻለሁ። ሆዴ ግን ተበጥብጧል። ልተወው?»

የድሮው እኔ «በጭራሽ!» ብዬ ስልኩን እዘጋ ነበር። አሁን ግን ጥያቄዋ ጥሩ ጥያቄ እንደሆነ አውቃለሁ። «ዛሬ አትተዪው፣ ግን ሐኪምሽ ዘንድ ሂጂና ልክ ይሄንኑ ጠይቂው» አልኳት።

ሐኪሙ የሚያየውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ትኩሳቷ 37.8 ወይም ከዚያ በታች ነው ወይ? የልብ ምቷ ከመቶ በታች ነው? ትንፋሿ በደቂቃ ከ24 አይበልጥም? የደም ግፊቷ የላይኛው ቁጥር ከ90 በላይ ነው? ኦክስጅኗ ከ90 በመቶ በላይ ነው? አእምሮዋ እንደ ድሮው ነው፣ መዋጥ ትችላለች? መምህርቷ 37.1፣ የልብ ምቷ 84፣ ትንፋሿ 18፣ ኦክስጅኗ 96 ነበር። ሁሉም ልክ ነው። ሐኪሙ «እስከ አምስተኛው ቀን ቀጥዪ፣ ትኩሳት ካልተመለሰ እዚያ ላይ ይበቃሻል» አላት። ሰባት ቀን የታዘዘላት በአምስት ቀን አለቀ።

ሐኪሙ ደፋር ስለሆነ አይደለም። አሁን ያሉት የእንግሊዝም የአሜሪካም የሕክምና መመሪያዎች ቀለል ላለ የሳንባ ምች አምስት ቀን ወይም ከዚያ ያነሰ ይላሉ፣ ታማሚው ከላይ ባልኳቸው ምልክቶች ከረጋ። እንዲያውም በፈረንሳይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ወደ ሦስት ቀን ወርዷል። ሆስፒታል የተኙ የሳንባ ምች ታማሚዎችን ሦስት ቀን አከሟቸው። በሦስተኛው ቀን የረጉትን ብቻ ለሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ አምስት ቀን ጨመሩ፤ ግማሾቹ መድኃኒት የሚመስል ባዶ ኪኒን ወሰዱ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ሲታዩ፣ ሦስት ቀን ብቻ ከታከሙት 77 በመቶ፣ ስምንት ቀን ከታከሙት 68 በመቶ ድነው ተገኙ። ልዩነቱ አጭሩ ይሻላል አያሰኝም፤ ግን አጭሩ አያንስም ያሰኛል።

«በሦስተኛው ቀን የረጉትን ብቻ» ያልኩትን አትዝለሉት። በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ያልወረደ ሰው ጥናቱ ውስጥ አልገባም። የመከላከል አቅማቸው የደከመም አልገቡም። እንዲህ ያለ ሰው ቀን አይቀነስለትም። እንዲያውም «ለምን አልሻለውም?» ተብሎ እንደገና ይመረመራል። ምናልባት ሳንባው ዙሪያ መግል ቋጥሯል። ምናልባት ጀርሙ አሞክሳሲሊን የማይነካው ዓይነት ነው። ምናልባት ከመጀመሪያውም ቲቢ ነበር። እንዲህ ላለው ሰው ዝም ብሎ ቀን መጨመርም መድኃኒት አይሆነውም።

መምህርቷ በአምስተኛው ቀን ሌላ ጥያቄ ነበራት። «ሳሌ አልለቀቀኝም። እንዴት ይቆማል?» ይሄ ብዙ ሐኪም ሳይቀር የሚሳሳትበት ቦታ ነው። ሳል ጀርሙ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ራጅ ላይ ያለው ጥላ ለመጥፋት አንድ ወር ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ጦርነቱ አልቆ ፍርስራሹ ሲጠረግ ነው ያ። ፍርስራሽን አንቲባዮቲክ አይጠርግም። ስለዚህ ሳል አለ ተብሎ መድኃኒት አይቀጠልም፣ ትኩሳት ሲመለስ ግን አይቀለድም።

አሁን ደግሞ ትጠይቁኛላችሁ። «እሺ፣ አምስት ቀን ይበቃል። ሰባት ቀን ቢወሰድስ ምን ይጎዳል?» ወደ መላመድ የምንመለሰው እዚህ ላይ ነው።

አሞክሳሲሊን ሲዋጥ ሳንባ ብቻ አይሄድም። አንጀት ውስጥ፣ ቆዳ ላይ፣ አፍና አፍንጫ ውስጥ ያሉትን ምንም ያልበደሉ ባክቴሪያዎችም ያገኛል። የሳንባ ምቹ ጀርም በሦስተኛው ቀን አብዛኛው ሞቷል። አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ግን በየቀኑ ይወቀጣል። ደካሞቹ ይጠፋሉ፣ አሞክሳሲሊንን የሚችሉት ይቀራሉ፣ ቦታው ስለተለቀቀላቸው ይበዛሉ። አንድ ቀን ያው ኢ ኮላይ የሽንት ቧንቧ ሲገባ፣ ያን ጊዜ ነው መድኃኒቱ እምቢ የሚለው። ይሄ በማቋረጥ የመጣ አይደለም። ረዥም ጊዜ በመውሰድ የመጣ ነው።

ለሳንባ ምች «ካልጨረሳችሁት ጀርሙ ይለምደዋል» ስል የኖርኩት ታዲያ ተገልብጦ ነበር። ለቲቢ ልክ፣ ለዚህ ግን አይደለም። ልዩነቱ ከየት መጣ ብትሉ፣ ቲቢ መድኃኒቱን የሚላመደው እዚያው በሽታው ባለበት ቦታ ራሱን ቀይሮ ነው። ብዙዎቹ ሌሎች በሽታዎች ላይ ግን መላመዱ የሚጠራቀመው ከበሽታው ውጪ፣ በሌላው ገላችን ላይ ባሉት ነው።

የሰባት ቀኑስ ከየት መጣ? አንድ የሙያችን ቀልድ አለች። ጥፋተኛው ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ321 እሑድን የዕረፍት ቀን አድርጎ ሰባት ቀን ያለውን ሳምንት ያጸና እሱ ነው። ሳምንቱን አራት ቀን ቢያደርገው ኖሮ አራትና ስምንት ቀን እናዝ ነበር። ቀልድ ቢሆንም ውሸት የለበትም። ሰባትና አሥራ አራት ከባክቴሪያ ጠባይ የተገኙ ቁጥሮች አይደሉም። ብዙዎቹ በልማድ የመጡ ናቸው።

ይሁን እንጂ ሁሉም ረዥም ቀን ልማድ አይደለም። ሁለቱን ልጥቀስ።

አንዱ በስትሬፕቶኮከስ የሚመጣው የጉሮሮ ሕመም፣ ሰው «ቶንሲል» የሚለው ነው። ልጁ በሁለተኛው ቀን ተነስቶ ይጫወታል። ፔኒሲሊኑ ግን አሥር ቀን ይታዘዛል። ምክንያቱም እዚህ የምናክመው ጉሮሮውን ብቻ አይደለም፤ ልቡን ነው። ጀርሙ ጉሮሮ ውስጥ ከቀረ፣ የሰውነቱ መከላከያ ከጀርሙ ጋር ሲታገል የራሱን የልብ ቫልቭ ሊያጠቃ ይችላል። ሩማቲክ ትኩሳት የሚባለው እሱ ነው። እናት የልጇን ጉሮሮ አይታ መዳኑን ትፈርዳለች፤ የልቡን ግን በዓይን ማየት አትችልም። በስዊድን አምስት ቀን ተሞክሮ ጉሮሮውን ለማዳን እንደሚበቃ ታይቷል። ግን ስዊድን ውስጥ ሩማቲክ ትኩሳት ብርቅ ነው። በሽታው ባለበት አገር ያን ቁጥር መውሰድ ልጅን ቁማር ማስያዝ ነው። አሥር ቀን ሽሮፕ ማስጨረስ የማይቻልበት ቤት ደግሞ አለ። ለእሱ አንድ ጊዜ የሚወጋ፣ ቀስ እያለ የሚለቀቅ ፔኒሲሊን አለ። በአንድ መርፌ ነገሩ ያበቃል።

ሁለተኛው ደም ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ነው። እዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 ትልቅ ጥናት ወጥቷል። ከ3,600 በላይ ታማሚዎች ላይ ሰባት ቀንና አሥራ አራት ቀን ተነጻጸሩ። በ90 ቀን ውስጥ የሞቱት በሰባት ቀኑ 14.5 በመቶ፣ በአሥራ አራቱ 16.1 በመቶ ናቸው። ሰባት ቀን አላነሰም። ግን ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ጀርም ደማቸው ውስጥ የተገኘባቸው ሰዎች ከመጀመሪያውም አልተካተቱም። ይሄ ጀርም ተንኮለኛ ነው። ትኩሳቱ ወርዶ ሰውዬው በረንዳ ላይ ሲንሸራሸር፣ እሱ የልብ ቫልቭ ላይ ወይም አከርካሪ አጥንት ውስጥ ጎጆ ቀልሷል። ለዚህ ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ቫልቭ ከያዘ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ነው። ቀኑ የሚቆጠረውም መድኃኒቱ ከተጀመረበት ሳይሆን ደሙ ከጀርም ነፃ ከሆነበት ቀን ነው።

እንግዲህ «መቼ ነው ማቆም የሚታዘዘው?» የሚለውን ልጨርስ። አንዱን አይተናል፤ ታማሚው ረግቶ አጭሩ ቀን ሲበቃ። ሌላው ደግሞ ከመነሻውም መድኃኒቱ የማያስፈልግ ሆኖ ሲገኝ ነው። ሐኪም ውጤት እስኪመጣ በጥርጣሬ ይጀምራል፤ ይሄ ጥፋት አይደለም። በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ምርመራው ቫይረስ ነው ካለ፣ ከደም ጀርም ለማብቀል የሚደረገው ካልቸርም ምንም ካላበቀለና ሐኪሙ ከአመነበት፣ ያን ቀን ይቆማል። «ከጀመርኩት ልጨርሰው» የሚባል ነገር የለም። የማያድን ነገር ግማሹም ሙሉውም ያው ነው፤ የሙሉው ጉዳት ግን ይበልጣል። ቀዶ ሕክምና ለሚደረግለት ሰው ኢንፌክሽን እንዳይዘው የሚሰጠውም እንደዚሁ ነው። በአብዛኛው ከቀዶው በፊት አንድ ጊዜ ይወጋል፣ ቢበዛ በ24 ሰዓት ውስጥ ያበቃል። ከዚያ በላይ ቢቀጥል ቁስሉን አይጠብቅም።

የመጨረሻው አስቸኳይ ነው። መድኃኒቱ ራሱ ሲያጠቃ። ከዋጣችሁ በኋላ ገላችሁ ላይ የሚያሳክክ እብጠት ከወጣ፣ ከንፈር ወይም ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ቀጣዩን ፍሬ አትውሰዱ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አፍ ውስጥና ዓይን ላይ ቁስል ወጥቶ ቆዳ መላጥ ከጀመረም እንደዚያው። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚወስድ ሰው ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማት ካመመው ያቁምና ይደውል፤ ጅማቱ ሊበጠስ ይችላል። በቀን ደጋግሞ እንደ ውኃ የሚወርድ ተቅማጥ ሆድ ቁርጠትና ትኩሳት ካለው፣ ያው ነው። የቲቢ ታማሚ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረና ማስታወክ ከጀመረ፣ ጉበቱ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ሁሉንም በአንድ ላይ ያቁምና በዚያው ቀን ወደ ሐኪሙ ይሂድ። አንዱን ትቶ ሌላውን መቀጠል የለም። የሪፋምፒሲን ሽንት ብርቱካንማ ሲሆን ግን አትደንግጡ፤ እሱ የመድኃኒቱ ቀለም ነው።

ተራ ማቅለሽለሽና የሆድ መበጥበጥ ማቆሚያ አይደሉም። ከምግብ ጋር መውሰድ ወይም ሌላ መድኃኒት መቀየር ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል። ይሄን መስኮቱ ላይ ጠይቁ።

የንግግሩ ጊዜ አልቆ ጥያቄ ሲከፈት የመጀመሪያዋ ጠያቂ አንዲት እናት ነበሩ። «ልጄ፣ እኔ አላቋርጥም። ግን ኪኒኑ ሲከብደኝ ጠዋት ብቻ እወስደዋለሁ። ረዘም ላለ ቀን ይሆነኛል። ይሄስ?»

«እማማ፣ ፍሌሚንግ የፈራው ሰው እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። አዳራሹ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። ግን ነገሩ የሚያስቅ አይደለም። አሞክሳሲሊን ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ሦስት ጊዜ የሚታዘዘው በሰዓታት ውስጥ በሽንት ስለሚወጣ ነው። ጠዋት ብቻ የወሰደ ሰው ከቀትር በኋላ እስከ ማግስቱ ድረስ ባዶ ነው። ጀርሙ በቀን ግማሹን ይወቀጣል፣ ግማሹን ያገግማል። ሳይዳን ቀኑ ይረዝማል፣ የአንጀቱም ባክቴሪያ ይማራል። ማለትም ከሁለቱም ወገን ጉዳቱ ደርሶ ጥቅሙ ሳይደርስ ይቀራል። በሲሶ መጠን ከአሥራ አምስት ቀን ይልቅ በሙሉ መጠን አምስት ቀን ይሻላል።

ቀጥሎ አንድ ወጣት ከኋላ ተነሳ። «ሐኪም አምስት ቀን ብሎኝ ካርቶኑ 21 ቢሆንስ?»

21 ማለት ሦስት ጊዜ ሰባት ነው። ካርቶኑን የሞላው ፋብሪካው ነው፣ ሐኪሙ አይደለም። አምስት ቀን 15 ፍሬ ነው። ስድስት ይተርፋል።

«ስድስቱንስ?» አለ።

ለሌላ ቀን አይቀመጥም፤ ስድስት ፍሬ ሁለት ቀን ናት፣ የሁለት ቀን አሞክሳሲሊን የሚበቃው የሳንባ ምች የለም። ለጎረቤት ልጅም አይሰጥም። ወደ መድኃኒት ቤት መልሱት፣ እኛ እናስወግደዋለን አልኩት። ልጁ ጥቂት አሰበና እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ሰደደ። ያወጣው አሞክሳሲሊን አልነበረም። ግማሹ የተወሰደ የሲፕሮፍሎክሳሲን ኪኒን ማሸጊያ ነበር፣ ጊዜው ካለፈ ዓመት የሆነው። «ሲያመኝ ብዬ ነው» አለ፣ መጥቶም መድረኩ ላይ አስቀመጠልኝ።